የሳሌና የትንፋሽ ማጠሬ ታሪክ፦ ለሚመረምረኝ ሐኪም

ዶክተር፣ ምርመራ ክፍል ስገባ ስለምረበሽ ግማሹ ይጠፋኛል። ለዚህ ነው ጽፌ የመጣሁት። ዕድሜዬ 43 ነው። የምኖረው ሽሮ ሜዳ ሲሆን እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆችና ለምግብ ቤት አስረክባለሁ።

የመጣሁት በሳልና በትንፋሽ ማጠር ነው። የካቲት 2017 አጋማሽ ላይ ጉንፋን ያዘኝ። ትኩሳቱና ንፍጡ በሳምንቱ ለቀቀኝ፣ ሳሉ ግን ቀረ። ይኸው ጥቅምት 2018 ገባ፣ ስምንት ወር ሆነው።

የሚብስብኝ ሌሊት ነው። ከሌሊቱ 9 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይቀሰቅሰኛል። ደረቴን ጭምድድ ያደርገኛል፣ ስተነፍስም ሲር ሲር የሚል ድምፅ አለው። ድምፁን ባለቤቴም ይሰማዋል። ተነሥቼ ቁጭ ካልኩ ቀስ በቀስ ይለቀኛል። በሳምንት ሦስት አራት ሌሊት እንዲህ ነኝ። አክታው ትንሽ ነው፤ ነጭና እንደ እንቁላል ውሃ የሚሳብ። ደም አይቼበት አላውቅም። ሌሊት አያልበኝም፣ አልከሳሁም፣ የምግብ ፍላጎቴም ደህና ነው። ቀን ላይ ዳገት ስወጣ ያፍነኛል፤ ድሮ እንደዚያ አልነበርኩም።

ስለሚያስነሣብኝ ነገር ረዘም አድርጌ ልንገርዎ፣ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። በኤሌክትሪክ ምጣድ ስጋግር ያስለኛል፣ ግን እችለዋለሁ። መብራት ሲጠፋ በእንጨት እጋግራለሁ። የማድ ቤቱ በር አንድ ነው፣ ጭሱ መውጫ የለውም። እርጥብ ፍልጥ ከሆነማ አክንባሎውን ከፍቼ እንጀራውን ሳወጣ ጭሱና እንፋሎቱ አንድ ላይ ፊቴ ላይ ይመጣል፤ ያኔ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። በእንጨት በጋገርኩ ቀን ሌሊቱን አልተኛም። ጤፍ ዱቄት ስነፋም ያስነጥሰኛል፣ ዓይኔን ይበላኛል። በርበሬ ሲታመስ፣ ዕጣን ሲጨስና የጠዋት ብርድ ሲነካኝም ይነሣብኛል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ እህቴን ለማረስ አዳማ ሄጄ ሁለት ሳምንት ያህል ቆየሁ። እዚያ አልጋገርኩም። ሳሉ ጠፋ ማለት ይቻላል፣ ሌሊትም ተኛሁ። ተመልሼ መጋገር በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ተነሣብኝ።

እስካሁን የወሰድኳቸው መድኃኒቶች እነዚህ ናቸው። መጋቢት ላይ አሞክሲሲሊን 500 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለ7 ቀን ወሰድኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ሰኔ ላይ ያንኑ መድኃኒት ደግሜ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ገዛሁ፤ አሁንም አልረዳኝም። የሳል ሽሮፕ እንቅልፍ ከማምጣት በቀር አልሠራም። ነሐሴ ላይ አንድ የግል ክሊኒክ ፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊ ግራም ስምንት ስምንት ፍሬ፣ ጠዋት ጠዋት ለ5 ቀን አዘዘልኝ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሆንኩ። ከጨረስኩ በኋላ ግን ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። ከመስከረም ጀምሮ ሲያፍነኝ የጎረቤቴን ሳልቡታሞል ፓፍ ሁለት ጊዜ እስባለሁ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይከፍትልኛል። መጨረሻ የሳብኩት ትናንት ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው፣ ዛሬ አልነካሁትም።

ለደም ግፊት ኢናላፕሪል 10 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ እወስዳለሁ። የጀመርኩት ሐምሌ ላይ ነው፣ ማለትም ሳሉ ከጀመረኝ ከወራት በኋላ። ይህ መድኃኒት ደረቅ ሳል ያመጣል ሲባል ሰምቻለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሮሮዬን የሚከረክር ደረቅ ሳል ተጨምሮብኛል፤ ከዚያ ይሁን ከክረምቱ ብርድ መለየት አልቻልኩም። በራሴ አላቆምኩትም፣ እርስዎ ይዩልኝ። ወገቤን ሲያመኝ ዳይክሎፌናክ አልፎ አልፎ እውጣለሁ። በቤት ዝንጅብል በማር ጠጥቻለሁ፣ ባሕር ዛፍ ታጥኛለሁ። መታጠኑ አባሰብኝ እንጂ አልረዳኝም።

ሚያዝያ ላይ በጤና ጣቢያ አክታ ሰጥቼ ቲቢ የለም ተብያለሁ። የዚያን ጊዜ የተነሣሁትን የደረት ራጅ ይዣለሁ። ቤታችን ውስጥ በቲቢ የታመመ የለም፣ ሲጋራ የሚያጨስም የለም። ኤችአይቪ ባለፈው ዓመት ተመርምሬ ነጻ ነኝ። ስኳር የለብኝም፣ እርጉዝ አይደለሁም። መድኃኒት ተቆጥቶኝ አያውቅም። እናቴ አስም ነበረባት። እኔም ልጅ ሆኜ አቧራ ያስነጥሰኝ ነበር። አምሽቼ በልቼ ስተኛ ቃር አለኝ፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም።

የምለምንዎ ሌላ ማስታገሻ ብቻ ይዤ እንዳልመለስ ነው። አስም ከሆነ በትክክል ተመርምሬ ልወቀው። ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ሥራ ስለሆነ መጋገር ጨርሼ ልተው አልችልም። በእንጨት መጋገሩን ግን እተዋለሁ፣ መብራት በጠፋ ቀን ደንበኞቼ ይጠብቁ። ከዚያ ውጭ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ይንገሩኝ። የመድኃኒቶቹን ካርቶንና የፓፉን ዕቃ በፌስታል ይዣለሁ፤ ፓፉን እንዴት እንደምስበው አሳይዎታለሁ፣ ልክ ካልሆነ ያርሙኝ።