ያለ ዕድሜው ያለቀ ጎማ፦ የዋስትና ጥያቄ

ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለጎማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ
ሶማሌ ተራ

ጉዳዩ፦ ከአራቱ ጎማዎች አንዱ ያለ ጊዜው ስላለቀ በዋስትናው መሠረት ዋጋው እንዲታሰብልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ከእናንተ ዘንድ ለቪትዝ መኪናዬ አራት አዲስ 165/70R14 ጎማ ገዝቻለሁ። የአንዱ ዋጋ 7,600 ብር፣ የአራቱ 30,400 ብር ነው። ሲገጠሙ ኪሎ ሜትሩ 118,450 ላይ ነበር፤ ደረሰኙ ላይ ጽፋችሁልኛል። አብሮ የተሰጠኝ የዋስትና ካርድ እንዲህ ይላል፦ ጎማው 50,000 ኪ.ሜ. ሳይሠራ ወይም ሦስት ዓመት ሳይሞላው ጥርሱ 1.6 ሚ.ሜ. ከደረሰ፣ ባልሠራበት ኪሎ ሜትር ልክ ከገዛሁበት ዋጋ ታስቦ አዲስ ጎማ ላይ ይቀነስልኛል።

ዛሬ መኪናው 141,220 ላይ ነው። ጎማዎቹ የሠሩት 22,770 ኪ.ሜ. ብቻ ነው። ሦስቱ ደህና ናቸው፣ አንዱ ግን ሙልጭ ብሎ አልቋል።

ያየሁት ላቫጆ ቤት ነው። የሚያጥበው ልጅ የኋላ ቀኙን ጎማ በውኃ እየመታ ሳለ ጠራኝና፣ አውራ ጣቱን መጀመሪያ በፊቱ ጎማ ጥርስ መሃል፣ ቀጥሎ በኋላው ላይ አደረገ። በፊቱ ላይ ጣቱ ጠለቅ አለ። በኋላው ላይ የሚገባበት አጣ። በጥርሱ መሃል ያለችው ትንሽ የማለቂያ ምልክት ከጎማው ገጽ ጋር እኩል ሆናለች። «በዚህ ዝናብ እንዳትወጣ» አለኝ። በማግሥቱ ወደ እናንተ መጣሁ።

ያን ቀን ባንኮኒው ላይ የነበረው ልጅ በጨዋነት ነው ያናገረኝ። መልሱ ግን «የአዲስ አበባ መንገድ ጎማ ይበላል» የሚል ነበር። መንገዱ እንደሚበላ አውቃለሁ። ግን አራቱም ጎማዎች አንድ መኪና ላይ፣ አንድ መንገድ ላይ ነው የዋሉት። መንገዱ አንዱን መርጦ ሊበላ አይችልም። ለነገሩ እኔ ከሲኤምሲ ዱከም ነው የምመላለሰው፤ አብዛኛው መንገዴ ደህና አስፋልት ነው።

ስለዚህ ጉዳዩን በቁጥር ላስረዳ። እናንተው ስትለኩ የጻፋችሁት ወረቀት እጄ ላይ አለ።

ጎማዎቹ አዲስ ሳሉ ጥርሳቸው 7.6 ሚ.ሜ. ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታ የተቀያየሩት እናንተው ጋ፣ 126,600 ላይ፣ በየካቲት 2017 ነው። ሠራተኛችሁ ያን ዕለት ሦስቱን 6.6 እና 6.7፣ የኋላ ግራውን ግን 5.5 ብሎ ጽፎ አጠገቡ «ይታይ» የሚል ቃል አስቀምጧል። ወረቀቱን መኪናው ኪስ ውስጥ ከትቼ ሳላነበው ቀረሁ፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ነሐሴ 2017 ላይ፣ 134,500 ሲሞላ፣ ሁለተኛ ጊዜ ስመጣ ያ ጎማ 3.3 ወርዶ ሌሎቹ 5.6 አካባቢ ነበሩ። ስጠይቅ «ገና ነው፣ ይሠራል» ተባልኩ። አሁን ሦስቱ 4.8፣ 4.9 እና 4.6 ናቸው። ያለቀው ከውስጥ 1.5፣ ከመሃል 1.6፣ ከውጭ 1.5 ነው።

እነዚህን የመጨረሻ ሦስት ቁጥሮች ደጋግማችሁ እንድታዩልኝ እለምናለሁ። አላይመንት የተዛባ መኪና ጎማውን በአንድ ጎን ይበላል። አየር ሲያንስ ሁለቱ ዳር ያልቃሉ፣ ሲበዛ ደግሞ መሃሉ። ይሄ ጎማ ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው ያለቀው። አየሩን በየሁለት ሳምንቱ በር ላይ በተለጠፈው ልክ አስሞላለሁ። አላይመንትም ጎማው የተገዛ ዕለትና ነሐሴ ላይ ተሠርቷል፤ ሁለቱም ደረሰኞች ተያይዘዋል።

ምናልባት ፍሬን ይዞ ይሆናል የሚል ካለም፣ ጎማው አንድ ቦታ አልቆየም። መጀመሪያ ኋላ ግራ ነበር። ቀጥሎ ፊት ቀኝ ሆነ። በመጨረሻ ኋላ ቀኝ ገባ። ችግሩ የመኪናው ቢሆን ኖሮ እዚያው ቦታ ቀርቶ በተራው የገባውን ጎማ መብላት ይጀምር ነበር። እሱ ግን ጎማውን ተከትሎ ሦስት ቦታ ዞረ። ደግሞም ቪትዝ የሚጎትተው በፊት ጎማ ስለሆነ የኋላው በዝግታ ነው ማለቅ ያለበት። ይሄኛው መጀመሪያ ኋላ ሆኖ ሳለ እንኳ ከፊቶቹ ቀድሞ 2.1 ሚ.ሜ. አጥቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። የሦስቱ ጎማዎች ጎን ላይ የምርት ቁጥሩ 1424 ይላል። በ2024 እ.ኤ.አ. 14ኛው ሳምንት፣ በእኛ መጋቢት 2016 መጨረሻ ገደማ የተሠሩ ናቸው። ያለቀው 3223 ነው፣ ማለትም ነሐሴ 2015። ምክንያቱ ይሄ ነው ብዬ አልከራከርም። ግን ከሌሎቹ ጋር አብሮ እንዳልተሠራ ያሳያል፣ ለአስመጪያችሁም ሳይጠቅም አይቀርም።

ሒሳቡን በካርዱ መሠረት እንዲህ አስቤዋለሁ። ከ50,000 ኪ.ሜ. ውስጥ ያልተሠራው 27,230 ነው፣ ከመቶ 54.46። ከ7,600 ብር ላይ 4,139 ብር ይሆናል። የጎማው የዛሬ ዋጋችሁ 9,000 ብር እንደሆነ ነግራችሁኛል። ስለዚህ 4,139ኙ ተቀንሶልኝ ቀሪውን 4,861 ብር ከፍዬ ያንኑ ዓይነት አዲስ ጎማ ልውሰድ። የመግጠሚያና የባላንስ በእኔ ነው፣ ካርዱም እንዲያ ይላል። ሙሉ ገንዘብ ይመለስልኝ አላልኩም፤ ጎማው በሠራበት ልክ እኔም ተጠቅሜበታለሁ።

ለአዲሱ የሚቀርበው ጓደኛ 4.9 የሆነው ስለሆነ፣ ሁለቱን አንድ አክስል ላይ፣ ከኋላ ብትገጥሙልኝ ደስ ይለኛል። ይህን ባለሙያችሁ ከእኔ የተሻለ ያውቃል፣ ሐሳብ ካለው እሰማለሁ።

ያለቀውን ጎማ ለምርመራ ልትወስዱት ትችላላችሁ። የምርት ቁጥሩና የጥርሱ ልክ የተጻፈበት ማኅተም ያለበት መረከቢያ ብቻ ስጡኝ።

አሁን መለዋወጫውን አስሬ ነው የምሄደው። እሱ ደግሞ አሮጌ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን ይዤ ነው የምወጣው፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። ስለሷ ስል ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ዝግ ብዬ፣ ቀኝ ይዤ ነው የምነዳው። ስለዚህ መልሱን እስከ ታኅሣሥ 18 ብታደርሱልኝ ትልቅ ነገር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን ወደዚያ የሚያስኬድ ነገር በመካከላችን የለም። የራሳችሁ ካርድ ይበቃናል።

ከዚህ ቀደም የወንድሜንም የጎረቤቴንም መኪና እናንተ ጋ ልኬአለሁ፤ ሥራችሁን ስለምወድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጎማውን ይዤ እመጣለሁ። እርስዎ ራስዎ ካሉ አብረን እንለካው፤ የእኔ ቁጥር ከተሳሳተ የእናንተን እቀበላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ዮናስ፣ የነጩ ቪትዝ ባለቤት

አባሪ፦ የግዢ ደረሰኝ፣ የዋስትና ካርድ፣ የየካቲትና የነሐሴ የጥርስ ልክ ወረቀቶች፣ ሁለት የአላይመንት ደረሰኞች፣ የአራቱ ጎማዎችና የኪሎ ሜትሩ ፎቶ