ለጋሽ ተስፋዬ፦ የመጽሐፍ መደርደሪያው ልክ

ቀበና፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ተስፋዬ፤

እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? ባለፈው ቅዳሜ መጥተው ቦታውን ስላዩልኝ አመሰግናለሁ። በቃል የተነጋገርነው እንዳይጠፋ ብዬ ሁሉንም በጽሑፍ ልኬአለሁ። ወረቀቱን ሱቅ ግድግዳዎ ላይ ቢለጥፉት፣ ልጆቹም ሲቆርጡ አይተው ይሠሩበታል።

መደርደሪያው የሚገባው ሳሎን ውስጥ፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ ገባ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ስርጉዱ እለዋለሁ። የሚቀመጡበት የአባቴ መጻሕፍት ናቸው። ሠላሳ ዓመት አስተምሮ የሰበሰባቸው ናቸው፤ እሱ ካረፈ ጀምሮ ካርቶን ውስጥ ነው ያሉት። ስለዚህ ነገሩን ጠበቅ አድርጌ ብጽፍ አይቀየሙኝ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስረዳ። በፊት በነበርንበት ቤት አንድ ባለሙያ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶልን ነበር። ስፋቱን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለክቶ፣ በዚያው ልክ ቆርጦ መጣ። ግማሽ ድረስ ገብቶ ተቀረቀረ። ልስኑን በመሮ እየፈለጡ አስገቡት፤ ግድግዳውም እንጨቱም ተበላሸ። የዚህ ቤት ግድግዳም ቀጥ ያለ አይደለም። ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ሳጥኑ ከስርጉዱ ጠበብ ብሎ በስኳድራ ትክክል ይሠራ፤ የግድግዳውን ጥመት የሚከተለው ከፊት የሚለጠፈው ሽፋን እንጨት ብቻ ይሁን።

ስርጉዱን ትናንት ከወንድሜ ጋር ሆነን እንደገና ለካነው። ቁጥሮቹ በሙሉ በሚሊ ሜትር ናቸው። ስፋቱ፣ ከግራ ግድግዳ እስከ ቀኝ ግድግዳ፦

ከወለል 100 ላይ፦ ከፊት 1426፣ ከኋላ 1418
ከወለል 1000 ላይ፦ ከፊት 1421፣ ከኋላ 1412
ከወለል 2000 ላይ፦ ከፊት 1417፣ ከኋላ 1409
ከወለል 2550 ላይ፦ ከፊት 1419፣ ከኋላ 1411

ጠባቡ 1409 ነው። ጥልቀቱ በግራ 322፣ በቀኝ 314 ነው። መሃል ላይ ግን፣ ወገብ አካባቢ፣ የኋላው ግድግዳ ሆዱን ገፋ አድርጓል፤ እዚያ 309 ብቻ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ በግራ 2641፣ በመሃል 2636፣ በቀኝ 2632 ሆነ። መጀመሪያ ጣሪያው የዘመመ መስሎኝ ነበር። በላስቲክ ቱቦ ውሃ ልክ ስናየው ግን የዘመመው ወለሉ ነው። ቀኙ ከግራው 8 ሚሊ ከፍ ይላል፤ መሃሉ ደግሞ ከግራው 3 ሚሊ። ጣሪያው ደህና ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ሁለት እኩል ሳጥኖች እፈልጋለሁ፤ ጎን ለጎን ቆመው በብሎን ይያያዛሉ። የእያንዳንዱ ሳጥን የውጭ ስፋት 692፣ ቁመት 2420፣ ጥልቀት ከኋላ ልባሱ ጋር 280 ይሁን። እንጨቱ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ፣ የኋላው ልባስ 6 ሚሊ። ቁመቱን 2420 ያደረግኩት የኤምዲኤፉ ሉህ 2440 ስለሆነ ነው፤ ጠርዙን አጽድተው ይወጣልዎታል፣ መቀጠል አያስፈልግም። ሳጥኑ ተጋድሞ ገብቶ ሳሎን ውስጥ ሲቆም ጣሪያውን እንዳይነካም አስልቼዋለሁ፤ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ወደ 2436 ይሆናል፣ ዝቅተኛው የጣሪያ ከፍታ ደግሞ 2632 ነው።

በስፋቱ ላይ የምፈቅደው ልዩነት ለእያንዳንዱ ሳጥን ሲደመር ሲቀነስ 1 ሚሊ ነው። ሁለቱ ሲያያዙ ከ1382 እስከ 1386 ይመጣሉ ማለት ነው፤ በጠባቡ ቦታም ቢሆን ቢያንስ 23 ሚሊ ይተርፋል። በቁመት ሲደመር ሲቀነስ 2፣ ግን ሁለቱ ሳጥኖች እርስ በርሳቸው ከ1 ሚሊ በላይ አይለያዩ። ጥልቀቱ እስከ 2 ሚሊ ቢያንስ ግድ የለኝም። ከ280 መብለጥ ግን የለበትም፤ ሆዱን የገፋው ግድግዳ አያስገባውም።

ትክክል መሆኑን በስኳድራ ብቻ አይመኑ። ልባሱ ከመመታቱ በፊት ሳጥኑን አጋድመው ሁለቱን ሰያፎች ይለኩ። እያንዳንዳቸው 2594 ሳይሆን 2517 አካባቢ መምጣት አለባቸው (ቅዳሜ 2594 ያልኩዎት በድሮው ቁመት ነበር፤ ይሰርዙት)። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ሚሊ አይብለጥ። ከበለጠ ገፋ አድርገው አስተካክለው ከዚያ ልባሱን ይምቱ። ልባሱ ከተመታ በኋላ የሚስተካከል ነገር የለም።

አሁን መደርደሪያዎቹ። በየሳጥኑ አንድ የማይነቃነቅ እና አምስት የሚነሱ ይኖራሉ። የማይነቃነቀው የላይኛው ፊቱ ከሳጥኑ የታች እንጨት ፊት 1138 ላይ ይሁን፣ ሲደመር ሲቀነስ 1። የግራው እና የቀኙ ጎን ለጎን ስለሚታዩ ከ1 ሚሊ በላይ መለያየት የለባቸውም። ዓይን ይህን ወዲያው ያገኘዋል። ሁለት የሚነሱ ከእሱ በታች፣ ሦስት ከእሱ በላይ ይሆናሉ። ክፍት ቦታዎቹን ከታች ወደ ላይ 370፣ 330፣ 330፣ 300፣ 290፣ 280፣ 268 አድርጌ አስቤያለሁ። ታች ትልልቆቹ መዝገበ ቃላትና የጋዜጣ ጥራዞች ይገባሉ። የሚነሱት ቦታቸው ስለሚቀያየር እነዚህን ቁጥሮች በቀዳዳው ልክ 16 ሚሊ ወዲያ ወዲህ ቢሏቸው ችግር የለውም።

ችግር ያለው ርዝመታቸው ነው። የሳጥኑ የውስጥ ስፋት 656 ነው ብለን መደርደሪያውን አስቀድመን 654 አንቁረጠው። ሳጥኑ ይገጠም፣ ውስጡ ይለካ፣ ከዚያ ከተገኘው ላይ 2 ሚሊ ቀንሰው ይቁረጡ። ሁለቱም ጎን ተደምሮ ክፍተቱ ከ1 አይነስ፣ ከ3 አይብለጥ። ቀለም ሲጨመርበት ያለ ክፍተት የተቆረጠ መደርደሪያ ይነክሳል።

ጥልቀታቸው 268 ነው፦ 250 ኤምዲኤፍ፣ ከፊት 18 በ36 የሆነ የዝግባ ጠርዝ በኮላ የተጣበቀ። ጠርዙ ቆሞ ይለጠፍ፣ 36ቱ ወደ ታች ይውረድ፣ ከላይ ግን ከኤምዲኤፉ ጋር እኩል ይሁን። ይህን ጠርዝ ለጌጥ እንዳይመስልዎት። ጥቅጥቅ ብሎ የተደረደረ መጽሐፍ በአንድ ሜትር ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ አንዱ መደርደሪያ 20 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ ብቻውን በዓመት ውስጥ መሃሉ ይጎብጣል። 20 ኪሎ ተጭኖበት መሃሉ ከ2 ሚሊ በላይ መውረድ የለበትም። አንዱን ሱቅ ውስጥ በሁለት ድጋፍ ላይ አስቀምጠው በሲሚንቶ ግማሽ ከረጢት ሊፈትኑት ይችላሉ። ዝግባው ደግሞ አደራ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ከሆነ ሲደርቅ ከኤምዲኤፉ ይላቀቃል።

የሚነሱት መደርደሪያዎች የሚቀመጡባቸው ቀዳዳዎች 5 ሚሊ ስፋት፣ 10 ሚሊ ጥልቀት፣ በየ32 ሚሊው ይሁኑ። ከሳጥኑ የፊት ጠርዝ 50፣ ከኋላ ጠርዝ 50 ገባ ብለው። ከሁሉም ቦታ የምጨነቀው እዚህ ጋ ነው። አንድ መደርደሪያ የሚይዙት አራት ቀዳዳዎች እርስ በርሳቸው ከግማሽ ሚሊ በላይ ከተለያዩ መደርደሪያው ይወዛወዛል። በሜትር እየለኩ ይህን ማግኘት አይቻልም። ከኮምፔንሳቶ አንድ ፎርማ ሠርተው፣ አራቱንም ጎኖች በዚያው ፎርማ፣ ሁልጊዜ ከታችኛው ጫፍ ጀምረው ቢበሱ ይስተካከላል። ትራፓኖው ላይ የጥልቀት ምልክት ያድርጉበት፤ ወደ ውጭ እንዳይወጣ።

ሳጥኖቹ የሚቆሙበት መሠረት ለብቻው ይሠራ። በቀኝ 100፣ በመሃል 105፣ በግራ 108 ከፍታ ይኖረዋል፤ የወለሉን ስምንት ሚሊ የሚበላው እሱ ነው። ሳጥን ከመውጣቱ በፊት በውሃ ልክ ይታይ። በሙሉ ርዝመቱ ከ1 ሚሊ በላይ መዝመም የለበትም። ይህ ከተበላሸ በላዩ ያለው ሁሉ ይበላሻል።

የፊት ሽፋኖቹም ዝግባ፣ ውፍረታቸው 18። የጎኖቹ ሁለቱ ቁመታቸው 2384፣ ስፋታቸው በጥሬው 50 ሆነው ይምጡ። እዚህ ቤት የግድግዳውን ቅርጽ በእርሳስ ቀድተው በመላጊያ ያውርዷቸው፤ ሲያልቁ ከ34 እስከ 39 ይሆናሉ። የመሃሉ 36 ነው፣ ሁለቱን የሳጥን ጎኖች በትክክል ይሸፍናል። ሦስቱ ተቀራራቢ ስለሚሆኑ ከፊት ሲታይ ያምራል። የላዩ በጥሬው 145፣ የታቹ 140 ይሁን፤ ርዝመታቸው 1440። በሽፋኑና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት 1 ሚሊ ድረስ እቀበላለሁ፤ ያንን ቀለም ቀቢው በስቱኮ ይደፍነዋል። ከ2 ሚሊ ካለፈ ግን ሽፋኑ እንደገና ይሠራ። የሽፋኑ ፊት ከውጭው ግድግዳ ጠርዝ 6 ሚሊ ወደ ውስጥ ይግባ፣ ሲደመር ሲቀነስ 2።

ሶኬቱን አይርሱት። ኋላ ግድግዳ ላይ፣ መሃሉ ከወለል 315፣ ከቀኝ ግድግዳ 240 ነው። የቀኙ ሳጥን ልባስ ላይ 100 በ100 ቀዳዳ ይከፈት። እዚህ 5 ሚሊ ወዲያ ወዲህ ቢል ምንም አይደለም። ግን ሽቦው ከሶኬቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ከቀኝ ግድግዳ ከ90 እስከ 390 ባለው ውስጥ በምንም ከፍታ ትራፓኖ አይግባ። ግድግዳው ብሎኬት ነው። እያንዳንዱ ሳጥን ከላይ ሁለት፣ ከማይነቃነቀው መደርደሪያ ሥር ሁለት፣ በ8 ፊሸር ይታሰር። ብሎኑ ሲጠብቅ ሳጥኑን ወደ ግድግዳው እንዳይጎትተው ከኋላ ክፍተቱን የሚሞላ ቁራጭ እንጨት ያስገቡ። ቤቱ ውስጥ ትንንሽ ልጆች ስላሉ ይህ ማሰሪያ የግድ ነው።

ከመቁረጥዎ በፊት አንድ ቀን መጥተው በራስዎ ሜትር ቢለኩ ደስ ይለኛል። የእኔና የእርስዎ ቁጥር ከ2 ሚሊ በላይ ከተለያየ ይደውሉልኝ፣ አብረን እንለካለን። ለዚያ የሚጠፋውን ጊዜ እኔ እከፍላለሁ። ቅድመ ክፍያው ደርሶዎታል፤ ቀሪውን የምከፍለው መደርደሪያዎቹ ሁሉ በየቦታቸው ገብተው አብረን ካየን በኋላ ነው፣ እንደተስማማነው። ቀለሙን ሌላ ሰው ስለሚቀባ እርስዎ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ቢተዉልኝ ይበቃል።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ሲመጡ ቡና ይዘጋጃል።

አክባሪዎ፣
ሰላማዊት