ገና በእማማ ቤት፦ የ3ኛ ክፍል የሂሳብ መልመጃ

ልጆች፣ ይህ ሁሉ የሆነው ሐዋሳ፣ በቤቲና በሳሚ አያት ቤት ነው። እያንዳንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜ አንብቡ። ስሌቱን ደብተራችሁ ላይ ሥሩ፤ መልሱን ብቻ የጻፈ ግማሽ ነጥብ ነው የሚያገኘው። የ1ኛው ጥያቄ መልስ ለሌሎቹም ስለሚያስፈልጋችሁ እሱን አትዝለሉ።

1. እማማ ቤት ቤቲንና ሳሚን ጨምሮ 5 ሰዎች ይኖራሉ። ለገና አክስታቸው ከነቤተሰቧ 6 ሆነው ከሻሸመኔ መጡ። አጎታቸው ደግሞ ከነቤተሰቡ 7 ሆነው ከአዳማ ደረሱ። ቤቱ ሞላ! በጠቅላላ ስንት ሰው ተሰበሰበ? ከእነዚህ 8ቱ ልጆች ከሆኑ አዋቂዎቹ ስንት ናቸው?

2. እማማ 2 ዶሮ ሠርተዋል። አንዱ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል። ለሁሉም ሰው አንድ አንድ ብልት ቢደርሰው ስንት ብልት ይተርፋል? (ፈረሰኛው ለማን ይሰጥ የሚለውን ክርክር ሂሳብ አይፈታውም፣ እሱን ለአዋቂዎቹ ተዉት።)

3. ወጡ ውስጥ የገባው እንቁላል ግን 15 ብቻ ነው። መጀመሪያ 8ቱ ልጆች አንድ አንድ ወሰዱ። ሳሚ ሁለተኛ ሊያነሳ ሲል ቤቲ እጁን ያዘችው። የቀረው እንቁላል ለአዋቂዎቹ አንድ አንድ ቢታደል ስንት አዋቂ ሳይደርሰው ይቀራል?

4. ድፎ ዳቦው ከኮባው ወጣ። እማማ በ4 እኩል ቦታ ቆረጡትና አንዱን ሩብ ለጎረቤት ላኩ። የቀሩትን 3 ሩቦች እያንዳንዳቸውን 6 ቦታ ቆረሷቸው። ስንት ቁራሽ ሆነ? ለሁሉም ሰው አንድ አንድ ይደርሳል?
ጎረቤትም ሰሃኑን ባዶውን አልመለሱም፤ 9 አቮካዶ አድርገውበት ላኩ። አቮካዶው ለሁሉም ሰው እኩል ከተካፈለ አንድ ሰው ምን ያህል ይደርሰዋል? ሥዕል ብትሥሉ ይቀላችኋል።

5. ከምግብ በኋላ ቡና ተፈላ። ከአዋቂዎቹ አንዱ ጨጓራ ስላለበት አልጠጣም። የቀሩት ሁሉ አቦልና ቶና አንድ አንድ ስኒ ጠጡ። በረካ ላይ 5 ሰው ብቻ ቀረ፣ ሌሎቹ እንቅልፍ ይነሳናል ብለው ተዉት። በጠቅላላ ስንት ስኒ ቡና ተቀዳ?

6. አጎት ለ4 ልጆች 300 ብር ሰጥቶ ለስላሳ ግዙ ብሎ ላካቸው። 5 ጠርሙስ ገዙ፣ አንዱ 40 ብር ነው።
ሀ) ስንት ብር መልስ አመጡ?
ለ) አጎት «መልሱን ለተላላካችሁት እኩል ተካፈሉት» አለ። አንዱ ልጅ ስንት ብር ደረሰው?
ሐ) ያልተላኩት 4 ልጆች አኮረፉ፤ ትንሿማ አልቅሳ ቤቱን አናወጠችው። ብሩ ለ8ቱም እኩል ቢካፈል ኖሮ አንዱ ልጅ ስንት ሙሉ ብር ያገኝ ነበር? ስንት ብርስ ይተርፋል? የተረፈውን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉበታላችሁ?

7. በማግስቱ ልጆቹ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ሄዱ። 6 የተጠበሰ ዓሣ ተገዛላቸውና አንዱ ዓሣ 4 ቦታ ተቆረጠ። ለ8ቱ ልጆች እኩል ሲካፈል አንዱ ልጅ ስንት ቁራጭ ይደርሰዋል? 34 ሙዝም ይዘው ነበር፣ ግን ጦጣ መጥታ 2 ሙዝ ነጥቃ ዛፍ ላይ ወጣች። የቀረውስ ሙዝ ለአንድ ልጅ ስንት ይደርሳል?

8. እንግዶቹ ሊሄዱ ነው። እማማ ለመንገድ 26 እንጀራ አዘጋጁ። ቤቲ «ለሁለቱ ቤተሰብ እኩል እናካፍል» አለች። ሳሚ ደግሞ «አይሆንም፣ በሰው ቁጥር ነው» አለ። በቤቲ ሐሳብ እያንዳንዱ ቤተሰብ ስንት እንጀራ ይወስዳል? በሳሚስ ሐሳብ? የአክስትና የአጎት ቤተሰብ ስንት ስንት ሰው እንደሆነ 1ኛው ጥያቄ ላይ ተመልሳችሁ እዩ። የማንን ሐሳብ ትመርጣላችሁ? ምክንያታችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

መልስ (ለወላጅና ለአስተማሪ ብቻ፣ ልጆች እንዳታዩ!)፦
1) 18 ሰው፣ 10 አዋቂ
2) 6 ብልት
3) 3 አዋቂ
4) 18 ቁራሽ፣ አዎ ይደርሳል፤ ግማሽ አቮካዶ
5) 23 ስኒ
6) ሀ. 100 ብር ለ. 25 ብር ሐ. 12 ብር፣ 4 ብር ይተርፋል
7) 3 ቁራጭ፣ 4 ሙዝ
8) በቤቲ 13 እና 13፤ በሳሚ ለአክስት 12፣ ለአጎት 14። ምክንያቱ ላይ ሁለቱም ሐሳብ ያስኬዳል፣ በደንብ ላስረዳ ልጅ ሙሉ ነጥብ ስጡ።