የሰሙትን ያላሰሙን አባት

(በኅዳር ሚካኤል ክብረ በዓል ከቅዳሴ በኋላ፣ ከ40 ዓመት በላይ ያገለገሉት የንስሐ አባታችን ከቄሰ ገበዝነታቸው ሲሰናበቱ፣ በደብሩ ቅጥር ግቢ የተነበበ)

ይፍቱኝ አባታችን፣ ቃል ልናገር ዛሬ፣
ከንስሐ ልጆችዎ ከሁሉም መክሬ።
«በል አንተ አንብብልን» ብለውኛልና፣
ወረቀት ይዤ ነው የቆምኩት በትሕትና።
ታቦቱ ወጥቶ ገባ፣ ከበሮው ዝም አለ፣
እጣኑ ግን ገና ደጀ ሰላም አለ።
ጤፉ ማሳ ላይ ነው፣ ለአጨዳ ደርሷል፣
ሰው ከየጎጡ መጥቶ ሜዳውን ሞልቶታል።
ነገ አጨዳ አለብን፣ ዛሬ ግን አይደለም፣
ዛሬ ከእርስዎ በቀር የምናስበው የለም።

ከጮቄ ተራራ ከግርጌው ተወልደው፣
ገብስ ከሚዘራበት ከብርዱ አገር አድገው፣
ፊደል ከአባትዎ፣ ዳዊት ከየኔታ፣
ተምረው አበቁ ጠዋትና ማታ።
ከዚያማ አላስቻለም፣ የቅኔው ፍቅር ጠራ፣
ከእናትዎ ተለዩ ሌሊት ከጨረቃ ጋራ።
ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣
ዲማ ጊዮርጊስ ገቡ አገር አቋርጠው።
«በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ በየበሩ፣
ውሾቹ ሳይቀሩ ድምፅዎን ተማሩ።
ጎጆዋ ጠባብ ናት፣ ቁራሹም ደረቅ፣
ቅኔ ግን ይቆጠራል ጀንበር እስኪጠልቅ።
ጉባኤ ቃናውን፣ ዘአምላኪየውን፣
ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ፣ ዘይእዜን፣
መወድሱን ጭምር ተቀኝተው ሲመለሱ፣
እናትዎ እልል አሉ ከደጅ ሲደርሱ።
ከዋሸራ የመጣ ቅኔ ሲያሰማ፣
እርስዎ ፈገግ ብለው ይላሉ «እንደ ዲማ!»
(ለቅኔ ቤቱማ የማይከራከር
ጎጃሜ እስከ ዛሬ የት ተገኝቶ ነበር?)

ትዳር በቁርባን መሥርተው በደንቡ፣
በ77 ዓመተ ምሕረት ከዚህ ደብር ገቡ።
ያ ዓመት ክፉ ነበር፣ ሰው በረሃብ ያለቀ፣
ስንት ቤት የተዘጋ፣ ስንቱ ከአገር የራቀ።
ከወሎ ተነሥቶ ለፓዊ ሰፈራ፣
ስንቱ ተንገላታ በበረሃው ስፍራ።
እናቴ ታወራ ነበር፦ አንድ መንገደኛ
ሞቶ ተገኘ አሉ፣ ዘመድ የለሽ ብቸኛ።
ቅስና ከተቀበሉ ገና ወሩ አልሞላ፣
ፍትሐቱን አደረሱ ገንዘው በነጠላ።
«ስሙን እግዜር ያውቃል» ብለው አስቀብረው፣
ከዚያ ጥድ ሥር አለ፣ ዛሬም የማየው።
በዚያ ዘመን ስብሰባ እሑድ ሲጠራብን፣
ቅዳሴውን አስቀድመው ሌሊት ቀደሱልን።

ሌሊት በስምንት ሰዓት ውርጩ አጥንት ሲሰብር፣
ጋቢ ደርበው ወጥተው፣ በኮንጎ ጫማ፣ በእግር፣
ሰዓታት ቆመዋል፣ ማሕሌት ቆመዋል፣
ኪዳን አድርሰዋል፣ ቅዳሴ ገብተዋል።
ሰሞነኛው ሲቀር፣ ሲታመም ጓደኛ፣
ያለ ተራዎ ሆኑ እርስዎ ሰሞነኛ።
ከነሐሴ 1 እስከ ነሐሴ 16፣
ውዳሴ ማርያምን ተርጉመው ሲያስረዱት፣
ያ ሁሉ ሕፃን አዋቂ ከዝናብ ተጠልሎ፣
ይሰማዎት ነበር ጾሙን ተቀብሎ።
ወንዱን በ40 ቀን፣ ሴቷን በ80 ቀን፣
አጥምቀው ያሳደጉት ይኸው ሁላችን ነን።
እኔን፣ ሚስቴን፣ ደግሞ ሦስቱን ልጆቻችን፣
ሜሮን የቀባው እጅ አንድ ነው ለሁላችን።

ከሾላው ጥላ ሥር ስንሰበሰብ ልጆች፣
ሀ ሁ ያስቆጠሩን እነዚያው ናቸው እጆች።
አርጩሜም ነበረዎ፣ ያ አይካድምና፣
ግን ከኪስዎ ደግሞ ቆሎ አይጠፋምና፣
ያለቀሰው ሁሉ አፉን ሞልቶ ወጣ፣
በማግስቱ ደግሞ ማንም ሳይቀር መጣ።
እኔ ዛሬ መምህር ነኝ በደብረ ማርቆስ፣
ከዚያ ሾላ ተነሣሁ እስከዚያ ለመድረስ።

ቅኔው፣ ዜማው ይቆይ፣ ይህን ሁሉም ያውቃል፣
እኔን የሚገርመኝ ከዚህ ሁሉ ይልቃል።
የዚህ ቀበሌ ሰው፣ ሽማግሌው፣ ልጁ፣
ኃጢአቱን ነግሮዎታል ቁጭ ብሎ ከደጁ።
ድንበር የገፋው ሰው፣ ሚዛን ያጎደለው፣
በሐሰት መስክሮ ጎረቤት የጎዳው፣
ሚስቱን የመታ ባል፣ ባሏን የከዳችው፣
እናቱን ጥሎ የሄደ፣ ወንድሙን የረሳው፣
ሁሉም መጥቶ ነግሮ፣ አልቅሶ ሄደ ቤቱ፣
ያ ሁሉ እርስዎ ጋ ቀረ ቀኑና ሌሊቱ።
በማግስቱ ደግሞ ገበያ ሲያገኙን፣
«እንደምን አደራችሁ» ብለው ሲጠይቁን፣
ፊትዎ ላይ የለም፣ ዓይንዎ ላይ የለም፣
ትናንት የነገርንዎን የሰሙም አይመስልም።
አንዱን ከፍ አድርገው፣ አንዱን አልናቁም፣
ማን ምን እንዳደረገ እያወቁ አያውቁም።

አንድ ቀን ባለ ሥልጣን መጥቶ ጠየቀዎ፣
«እገሌ ምን ነገረዎ? ይንገሩኝ» ብሎዎ።
«እኔ የሰማሁትን ለእግዜር አስረክቤ፣
ምንም አልቀረኝም» አሉት «ከልቤ።»
ይህንን የሰማን ከሌላ ሰው ነበር፣
እርስዎማ መች ይሉናል፣ ይህም ነው ምስጢር።

አባቴ ሲያጣጥር፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣
«ቄሱ አይደርሱም» ብሎ ሁሉም ተስፋ ጣለ።
እርስዎ ግን በገመድ ተጎትተው መጡ፣
ልብስዎ ውኃ እያፈሰሰ፣ ወንበር ሳይቀመጡ፣
«አይዞህ ወንድሜ» ብለው አጠገቡ ሆኑ፣
እኛን አስወጡና በር ዘጉ ወዲያውኑ።
ምን እንደተባባላችሁ እስከ ዛሬ አላውቅም፣
አባቴ ግን ሲሞት አልተጨነቀም።

ቀኖናዎም ቢሆን ለየሰው ይለያል፣
ማን ምን እንደሚችል ልብዎ ያውቀዋል።
ለብርቱው ስግደት፣ ለሀብታሙ ምጽዋት፣
ለእናቴ ግን «ሂጂ፣ ከተጣላሻት ቤት
እንጀራ ቁረሺ» አሏት፣ ይህ ነበር ቅጣት።
ሄደች እያጉረመረመች፣ ተመለሰች ስቃ፣
ከዚያች ሴት ጋር ኖረች ዕድሜዋን ፍቅር ጠብቃ፤
ሲሞቱም ቀብራቸው ጎን ለጎን ነው፣ ያው፣
ይህን ያየ ሁሉ የእርስዎን ሥራ አየው።

የሁለቱን ቤተሰብ ደም ማን ይረሳዋል?
አንዱ ልጁን ቀብሯል፣ አንዱ ጫካ ገብቷል።
ጠመንጃው ተወልውሎ በቀል ሲጠበቅ፣
እርስዎ መስቀል ይዘው ገቡ ያለ መሳቀቅ።
ወንዝ እየተሻገሩ በዚያ በጎርፍ ቀን፣
ከዚህ ወደዚያ ሲሉ፣ ሲለምኑ ሁለቱን፣
አንደኛው በር ዘጋ፣ ሌላው ስድብ ሰደበ፣
እርስዎ ግን በነጋታው እግርዎ ተመለሰ፣ ቀረበ።
ሽማግሌ ሰብስበው፣ ካሳውን ቆርጠው፣
ታቦት ፊት አማሉ፣ እጅ ለእጅ አያይዘው።
የሟች እናት ቆመች ጥቁሯን ለብሳ፣
ገዳይ ተንበረከከ ድንጋይ ተሸክሞ ለካሳ፣
«ምሬሃለሁ» አለች ድምጿን ሳታነሣ።
ዛሬ የሁለቱ ቤት ልጆች ተጋብተዋል፣
ልጃቸውን አዝለው ያዳምጡኛል።

ልጃገረዶቻችን ቤሩት ተሰደው፣
ጅዳ፣ ዱባይ ገብተው፣ ሰው ቤት ተቀጥረው፣
በሌሊት ይደውላሉ፦ «አባ፣ ጨነቀኝ!
አገሬ ናፈቀኝ፣ እናቴ ናፈቀችኝ!»
እርስዎ በትንሿ ስልክ፣ ባትሪዋ በደከመ፣
ጸልየው አጽናኑ፣ ልባቸው ታከመ።
ሰላምታዋን ብቻ ለእናቷ አድርሰው፣
ለቅሶዋን ለብቻ ከራስዎ ጋር ይዘው፣
ሌሊት ማሕሌት ላይ ስናይዎ ሲያለቅሱ፣
ለማን እንደሆነ አንድ ቀን አልተነፈሱ።

ደመወዝዎ ምን ነበር? ማንም አልጠየቀ፣
የእርስዎ ኪስ ግን ያኔም ከርሞም የደረቀ።
በዓል ያልሆነ ቀን ሞፈር ተሸክመው፣
እንደ እኛው አርሰው፣ እንደ እኛው አጭደው፣
ጤፍዎን ወቅተው፣ ልጆች አሳድገው፣
ከጎተራዎ ደግሞ ለቸገረው ሰፍረው፣
«ስትችል ትመልሳለህ» ብለው ይሸኙታል፣
ያልመለሰውንም እንደመለሰ ያዩታል።

ባለቤትዎን ደግሞ ሳናመሰግን
ብናልፍ ነውር ነው፣ እግዜር ይታዘበን።
ሌሊት እርስዎ ሲወጡ በር የሚዘጉት፣
ለቆሎ ተማሪው ቁራሽ የሚሰጡት፣
ለሚመጣው እንግዳ እግር የሚያጥቡት፣
እማማ፣ እርስዎም ነዎት አብረው ያገለገሉት!
ይቁሙና እንይዎ፣ ሕዝቡ እልል ይበል፣
ይህ ምስጋና ለእርስዎም እኩል ነው በእውነት ቃል።

ይህ ጥድ፣ ይህ ወይራ፣ ይህ ኮሶ፣ ይህ ዋንዛ፣
እንዲያው አይደለም ከዚህ ደጅ የበዛ።
ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ባዶ ሲሆን ሜዳ፣
በግዝት አተረፉት ከመጥረቢያ ዕዳ።
ማገዶ ያጣ ሰው ሲያጉረመርም ሰምተው፣
ከራስዎ ባሕር ዛፍ ሰጡት አስቆርጠው።

በ2012 በሕማማት ሰሞን፣
ኮሮና ገብቶ ሕዝቡ ከቤት ሲሆን፣
እርስዎ ከጥቂት ካህናትዎ ጋራ፣
ቀደሱ ለሁላችን ስም ጠርተው በተራ።
እኛ ከየቤታችን ደወሉን ስንሰማ፣
ልባችን ተጽናና፣ ተነሣ ከጨለማ።

ዛሬ ጉልበት ደክሟል፣ ዓይንም ፈዟል ጥቂት፣
ረጅም ነው ለቆመ ሰው የዐቢይ ጾም ሰዓት።
ከቅስና ጡረታ የለም፣ ይህን እናውቃለን፣
የሰጡትን አደራ ግን ተረክበናል እኛ አሁን።
ቁልፉን የተቀበሉት ያሳደጓቸው ናቸው፣
ዳዊት ያስደገሟቸው፣ ዜማ ያስጠኗቸው፤
«እንደ አባ አድርግ» እንላቸዋለን ሲከብዳቸው፣
ሌላ መመሪያ ለጊዜው የለንም የምንሰጣቸው።

ስለ እርሻዎ አይጨነቁ፣ ሐምሌ ሲመጣ፣
ደቦው ከየጎጡ በሬ ይዞ በጠዋት ይውጣ።
ጣሪያው ተሠርቷል፣ ቆርቆሮው አዲስ ነው፣
እንጨትም ተፈልጧል፣ ጓሮ ከምረነው።
ጋቢው የእናቶች ነው፣ ፈትለው ያስሸመኑት፣
ካባው የወጣቶች ነው፣ አዋጥተው የገዙት።
ከደጀ ሰላሙ ጎን መቀመጫ አለ፣ ለእርስዎ የተሠራ፣
ሲደክምዎ ያርፉበታል ከሚጠይቅዎ ሰው ጋራ።
ንስሐም ቢሆን እኛ አናቋርጥም፣
ካልከለከሉን በቀር ሌላ ደጅ አንሄድም።

እንግዲህ ሕዝብ ይነሣ፣ ባርኔጣ ይውለቅ፣
አባታችን ያሳርጉን ሰዓቱ ሳይርቅ።
መስቀልዎን ያውጡ፣ እንሳለም በተራ፣
ሕፃናት ይቅደሙ ከእናቶቻቸው ጋራ።
የታመመ ካለ ዲያቆን ያምጣው ደግፎ፣
የቀረው ይሰለፍ፣ ማንም ሳይጋፋ አልፎ።