ናቲ ዴስክቶፕ ላይ

ፍላሹ ውስጥ፣ የቴሲሱ ፎልደር ቦታ ላይ አንዲት ሾርትከት ተቀምጣለች። ሄለን ሁለቴ ነካቻት፣ አልተከፈተችም። ፕሪንት ቤት የረገጠ ፍላሽ ሁሉ ይህን ቫይረስ ያውቀዋል፤ ችግሩ ግን ላፕቶፗ ሰሞኑን ተበላሽቶ ፎርማት ተደርጓል፣ ያላት ይሄ ፍላሽ ብቻ ነው፣ ቴሲሱ ደግሞ ነገ እስከ 6 ሰዓት መግባት አለበት። አሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው።

ወንድሟ ቢኒ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበና ጻፈ፦

```
attrib -h -r -s /s /d E:\*.*
```

ፋይሎቹ ተመለሱ። ሄለን እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ምዕራፍ 1 ተከፈተ፣ 2ም፣ 3ም። የላብራቶሪ ውጤቱ ያለበት ኤክሴልም ደህና ነው። ምዕራፍ 4 እና 5 ግን መጠናቸው ዜሮ ኪሎባይት።

«ዜሮ ማለት?» አለች፣ እያወቀችው።

«ባዶ ነዋ።»

ኢሜይሏን በረበረች። አማካሪዋ መጨረሻ ላይ ያሉትን ምዕራፎች በኢሜይል አይቀበሉም፤ በወረቀት ታትሞ፣ በቀይ ብዕር ካላረሙ ያነበቡ አይመስላቸውም። የታረመው ወረቀትስ? እናቷ ከሳሎን ሆነው «ያ የተሞነጫጨረው? ከሰል አቀጣጥዬበት የለ እንዴ፣ የተጣለ መስሎኝ» አሉ። ምን ይባላል እንግዲህ።

ያኔ ነው ናቲ ትዝ ያላት። 6 ኪሎ አካባቢ ያለ ፕሪንት ቤት የሚሠራ ልጅ ነው፤ ከፍላሽ ላይ ፕሪንት ማድረግ አይወድም፣ መጀመሪያ «ዴስክቶፕ ላይ ልጣለው» ይላል፣ የጣለውን ደግሞ አያጠፋም። ስክሪኑ ላይ የማን ሲቪ፣ የማን የሠርግ መጥሪያ እንዳለ ስታይ ሁሌ ትስቅበት ነበር። ደወለች። ደግነቱ የሚያድረው እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው።

«ናቲዬ፣ በእናትህ፣ ሚያዝያ ላይ ያሳተምኩት አለ?»

«ስሙ ምንድን ነው?»

«ቻፕተር 4 ፋይናል ፋይናል።»

«እህቴ፣ እዚህ ፋይናል ፋይናል የሚል ሃያ ፋይል አለ።»

ሁሉንም እየከፈተ አነበበላት። የሰው የባንክ ጥናት፣ የሰው የወተት ላም ጥናት። በመጨረሻ «አቃቂ ወንዝ፣ ቆስጣ፣ ክሮሚየም» ሲል ጮኸች። በቴሌግራም ላከላት፣ ምዕራፍ 5ንም ጨምሮ።

አሮጌ ኮፒ ነው። ሠንጠረዦቹ ያኔ ያልታረሙ፣ እርማቱ ያልገባበት። ቡና ተፈላ፣ ቢኒ ቁጥሮቹን ከኤክሴሉ እያነበበላት እሷ ትጽፋለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ገጽ 61 ደረሰች፤ አማካሪዋ ከላይ እስከ ታች በቀይ ሰርዘው «ይህ ወግ ነው፣ ዳታ የት አለ?» ያሉበት ገጽ። በኋለኛው ኮፒ አውጥታው ነበር።

ላፍቶ ወንዙ ዳር ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙት የጋሽ ተሰማ ቃል ነው። «ውሃው ሲመጣ በቀለሙ አውቀዋለሁ ልጄ። የቆዳ ፋብሪካው ሲለቅ ይሸታል፣ አረፋም አለው። ያን ቀን እኔ አላጠጣም፤ ጎረቤቴ ግን ምን ያድርግ፣ አትክልቱ ከሚደርቅበት ያጠጣል። ቤት የምንበላውን በቧንቧ ውሃ ነው የማበቅለው።» ከሥር ደግሞ የራሷ ማስታወሻ፦ ሦስተኛው ናሙና የተወሰደው ጋሽ ተሰማ «ዛሬ ለቀውታል፣ ውሃውን ዛሬ ቅጂ» ብለው የደወሉ ቀን ነው።

ሄለን ቀና አለች። «ቢኒ፣ ሦስተኛው ናሙና ክሮሚየሙ ስንት ነበር?»

«ይሄ የተበላሸው? ከሌሎቹ አራት እጥፍ።»

በጠፋው ኮፒ ላይ ይህን ቁጥር «የመለኪያ ስህተት ሊሆን ይችላል» ብላ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፋው ነበር። ገጹን ስትሰርዝ ማብራሪያውም አብሮ ሄዷል። አሁን የጋሽ ተሰማን ቃል ከሠንጠረዡ ሥር አስገባችና ያቺን ዓረፍተ ነገር ሳትጽፋት ቀረች። አማካሪዋን ለማስፈቀድ ሰዓቱም አይደለም።

ጠዋት ናቲ አተመ፣ ጠረዘ። ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ላይ አስገባች።

የቴሲሱ ዲፌንስ ቀን የውጭ ፈታኙ ብዙም አልጠየቁም። ገጽ 61ን ገልጠው «ሦስተኛው ናሙና ለምን እንዲህ ከፍ እንዳለ ሰውዬው ነግረውሻል። ታዲያ የአሰባሰብ ዘዴው ላይ፣ ምዕራፍ 3 ውስጥ፣ ለምን የለም? አንባቢ እዚህ እስኪደርስ ናሙናው ሁሉ በተራ ቀን የተወሰደ ይመስለዋል» አሉ።

ሄለን አማካሪዋን አየች። እሳቸው ገጹን ሲያነቡ ቆዩ፣ ኮስተር ብለው፣ ሁለቴ ሳይሆን አይቀርም።

«ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ቀዩን ብዕር ከኪሳቸው አወጡና ምዕራፍ 3 ጠርዝ ላይ «የገበሬው ጥሪ ይጨመር» ብለው ጻፉ።