የሐይቁ ሥዕል፦ የምልክቶቹ ዝርዝርና የቀስቶቹ ጉዞ

ወንድምዬ፣ ጓደኛህ በቴሌግራም የላከልኝን ፎቶ አጉልቼ ደጋግሜ አየሁት። የአካባቢ ጥበቃ ክበባችሁ ግድግዳ ላይ የለጠፈው ትልቅ ወረቀት ነው። ቅዳሜ በወላጆች ቀን ሥዕሉ አጠገብ ቆመህ የምታስረዳው አንተ ስለሆንክ ያየሁትን ሁሉ ጽፌልሃለሁ። ስልክህ ሲያነብልህ መንገድ እንዳይጠፋህ መጀመሪያ የምልክቶቹን ዝርዝር፣ ከዚያ የቀስቶቹን ጉዞ አስቀመጥኩ። ወረቀቱ ላይ ምልክቶቹ ተራ ቁጥር የላቸውም። ቁጥሮቹን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ሰው ፊት ስታስረዳ አትጥራቸው።

በመጀመሪያ አቀማመጡን ያዝ። ርዕሱ ከላይ መሃል ላይ ነው፤ «የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ ከየት ይመጣል፣ ወዴት ይሄዳል?» ይላል። ሥዕሉ መሬቱ እንደ ዳቦ በቢላ ተቆርጦ ከጎን ሲታይ ነው። የምታየው ከደቡብ ሆነህ ነው። ስለዚህ ቀኝህ ምሥራቅ፣ ግራህ ምዕራብ፣ ከፊት ለፊትህ ራቅ ያለው ሰሜን ነው። ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለህ ልትለማመደው ትችላለህ። ቀኝ እጅህን ጠረጴዛው ቀኝ ጫፍ ላይ ከፍ አድርገህ ብታቆመው ተራራው ነው። መሃል ላይ ጎድጓዳ ሳህን ብታስቀምጥ ሐይቁ ነው።

ቀስቶቹ አሥራ ሁለት ናቸው፣ በቀለምም በአሣሣልም ይለያያሉ። ያልተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር ከመሬት በላይ የሚሄድ ውሃ ነው፤ አራት አለ። ነጠብጣብ የሆነው ሰማያዊ ከመሬት በታች የሚሄድ ውሃ ነው፤ ሁለት። ቀዩ ሙቀትና ትነት ነው፤ ሁለት። ቡናማው አፈርና ቆሻሻ የተሸከመ ነው፤ ሦስት። ጥቁሩ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ነፋስ ነው።

የምልክቶቹ ዝርዝር

1. ፀሐይ። ግራ ላይኛው ጥግ። ቢጫ ክብ ናት፣ አንድ ቀይ ቀስት ወደ ሐይቁ ትልካለች።

2. ትነት። ከሐይቁ ፊት ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ቀይ ቀስት፣ እየተጥመዘመዘ ይሄዳል። ጫፉ ደመናው ሥር ነው።

3. ደመና። ከርዕሱ በታች፣ መሃል።

4. ነፋስ። ጥቁር ቀስት፣ ከደመናው ወደ ቀኝ፣ ወደ ተራሮቹ።

5. ዝናብ። ስሙ አንዴ ነው የተጻፈው፣ ቀስቱ ግን ሁለት ነው። አንዱ ተራራው ላይ ይወርዳል፣ ሌላው ቀጥታ ሐይቁ ላይ።

6. የወንዶ ገነት ተራሮች። ቀኝ ጫፍ ላይ፣ ከሁሉም ከፍ ብለው የተሣሉ። አረንጓዴ ተቀብተዋል፣ ዛፍ አላቸው።

7. ጅረቶች። ከተራራው ወደ ግራ ቁልቁል የሚወርድ ሰማያዊ ቀስት። አንድ ቀስት ነው የተሣለው፣ ስሙ ግን በብዙ ቁጥር ተጽፏል። ስታስረዳም «ጅረቶች» በል።

8. ጨለለቃ ረግረግ። በተራራውና በከተማው መካከል ያለ ለጥ ያለ ቦታ። አጫጭር የሣር መስመሮች ተሞልቶበታል።

9. ጥቁር ውሃ ወንዝ። ከረግረጉ ወደ ሐይቁ የሚሄድ ሰማያዊ ቀስት፣ ከሌሎቹ ሁሉ ወፍራም። ከቤቶቹ ጀርባ ያልፋል። ጀርባቸው ሰሜን መሆኑን አትርሳ። እውነትም ወንዙ ከተማዋን በሰሜን በኩል ነው የሚያልፋት፤ ከሻሸመኔ ስንመጣ ድልድዩን የምንሻገረው እሱን ነው።

10. ከተማ። ስድስት ቤቶች፣ ከሐይቁ በስተቀኝ ዳርቻ። ቆርቆሮ ጣሪያ አላቸው።

11. የጎርፍ ቦይ። ከከተማው ወደ ሐይቁ የሚገባ ቡናማ ቀስት። ሠዓሊው ከጎኑ አንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ ጨምሮበታል። ይህችን ጠርሙስ ሳትናገር እንዳታልፍ፣ በጣም ወድጃታለሁ።

12. የሐዋሳ ሐይቅ። መሃል ላይ፣ ትልቁ ቅርጽ። ውስጡ ሦስት መስመር ጽሑፍ አለ፦ ስፋት 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ትልቁ ጥልቀት 22 ሜትር ገደማ፤ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ። አንድ ቆሮሶና አንድ አምባዛም ተሥለዋል። አምባዛውን በጢሙ ነው ያወቅሁት። ዓሣዎቹ ቀስት የላቸውም።

13. ፊላ። ከሐይቁ ቀኝ ዳርቻ ቀጥ ብለው የቆሙ ረጃጅም ተክሎች። ስሙን ግን እርግጠኛ አይደለሁም፣ መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ።

14. የተራቆተ ቁልቁለት። ከሐይቁ በስተግራ ያለ ኮረብታ፣ ዛፍ የሌለው። አንድ የተቆረጠ ጉቶ ብቻ አለበት። ከእሱ ወደ ሐይቁ ቡናማ ቀስት ይወርዳል።

15. ደለል። የሐይቁ ወለል ላይ የተነጠፈ ቡናማ ንጣፍ። ከውሃው መሃል ወደ እሱ የምትወርድ አጭር ቡናማ ቀስት አለች።

16. የከርሰ ምድር ውሃ፣ መግቢያ። ከመሬት በታች፣ ከቀኝ ወደ ሐይቁ፣ ነጠብጣብ ሰማያዊ።

17. የከርሰ ምድር ውሃ፣ መውጫ። ከሐይቁ ሥር ወደ ግራ፣ እሱም ነጠብጣብ። ቀስቱ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያበቃል፣ የት እንደሚደርስ አልተሣለም።

የቀስቶቹ ጉዞ

የውሃው ጉዞ ዞሮ የሚመለስ ስለሆነ ከየትም መጀመር ይቻላል። እኔ ግን ከፀሐይ ጀምር እላለሁ፣ ሰው ቶሎ ይገባዋል።

ፀሐይ የሐይቁን ፊት ታሞቃለች። ይህ ቀስት ውሃ የተሸከመ አይደለም፣ ሙቀት ብቻ ነው። ውሃው ሲሞቅ ወደ እንፋሎት ይለወጥና በሁለተኛው ቀይ ቀስት ወደ ላይ ይወጣል። ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። ነፋስ ደመናውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ወንዶ ገነት ተራሮች ይገፋዋል።

እዚህ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ ቆም በል። ከዝናቡ ከፊሉ በቀጥታ ሐይቁ ላይ ይወርዳል፤ የእሱ ጉዞ እዚያው አለቀ። ሌላው ተራራው ላይ ይወርዳል፣ እሱ ነው ረጅሙን መንገድ የሚሄደው። ከተራራው በጅረቶቹ ቁልቁል ወርዶ ጨለለቃ ይደርሳል። ጨለለቃ ሜዳ ስለሆነ ውሃው ሩጫውን ያቆማል፣ ይንቀራፈፋል። የተሸከመው አፈር ከፊሉ እዚያው ይቀራል። ይህን የሚል ጽሑፍ ወረቀቱ ላይ የለም፣ ግን ረግረግ የሚሠራው ሥራ ይህ ስለሆነ በራስህ አንደበት ጨምረው። ከረግረጉ የወጣው ውሃ በጥቁር ውሃ ወንዝ ሆኖ በከተማው ጀርባ ዞሮ ሐይቁ ይገባል። ቀስቱ ወፍራም የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ የሚፈሰው ወንዝ እሱ ነው።

እስካሁን የተጓዝነው በሰማያዊው ነው። አሁን ወደ ቡናማዎቹ። አንዱ ከከተማው የጎርፍ ቦይ ይነሳል፦ ክረምት ሲዘንብ የመንገዱን ሁሉ ጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ይከታል። ሁለተኛው ከግራው ቁልቁለት ነው። ዛፍ ስለሌለ አፈሩን የሚይዘው ሥር የለም፣ ዝናቡ ይዞት ይወርዳል። ሁለቱም ሐይቁ ሲደርሱ በሦስተኛዋ አጭር ቀስት ወደ ታች ሰምጠው ደለል ይሆናሉ። ደለሉ በጨመረ ቁጥር ሳህኑ ከሥር እየሞላ ይሄዳል ማለት ነው።

ከመሬት በታች ደግሞ በቀኝ በኩል ውሃ ይገባል፣ በግራ በኩል ይወጣል።

አሁን ቁጠር። ወደ ሐይቁ የሚገቡት ቀስቶች የፀሐይዋን ሳንጨምር አምስት ናቸው፦ ዝናብ፣ ጥቁር ውሃ፣ የጎርፍ ቦዩ፣ ቁልቁለቱ፣ የከርሰ ምድር መግቢያው። የሚወጡት ሁለት ብቻ ናቸው፦ ትነትና የከርሰ ምድር መውጫው። ከሐይቁ በመሬት ላይ ፈስሶ የሚወጣ ሰማያዊ ቀስት አንድም የለም። ሠዓሊው ረስቶት አይደለም። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም።

ወንድምዬ፣ ከሥዕሉ ሁሉ ልቤን የያዘው ይህ ያልተሣለ ቀስት ነው። የሚያይ ሰው እንኳ የሌለ ነገር ዓይኑ ውስጥ አይገባለትም፣ የተሣለውን ብቻ አይቶ ያልፋል። አንተ ግን አንድ በአንድ ቆጥረህ ስለምትይዘው ከሁሉም በተሻለ ታስረዳዋለህ። ጠርሙሷ በቦዩ ስትገባ ይዟት የሚወጣ ወንዝ የለም። ትነት ንጹሕ ውሃን ብቻ ነው የሚያወጣው። ጠርሙሷ እዚያው ናት። አሞራ ገደል ዓሣ በልተን ስንመለስ እግርህ ሥር የተንኮሻኮሸውን ፕላስቲክ ታስታውሳለህ? «ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» ብለኸኝ ነበር። መልሱ ቁጥር 11 ነው።

ምናልባት ከወላጆቹ አንዱ «መውጫ ከሌለው ለምን ጨዋማ አልሆነም?» ብሎ ይጠይቅሃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መውጫ የሌለው ሻላ ጨዋማ ነው፣ ሐዋሳ ግን የዓሣ ሐይቅ ነው። ተመራማሪዎች ለዚህ የሚያነሱት ዋና ምክንያት በቁጥር 17 ያለው ነው፦ ውሃው ከመሬት በታች ስለሚሰርግ ጨውን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ያቺን ነጠብጣብ ቀስት ቸኩለህ አትለፋት።

ከፎቶው ያልለየኋቸው

የሚከተሉትን ገምቼ ልሸፍናቸው አልፈለግሁም። ነገ ቲቸርን ወይም ሥዕሉን የሠራውን ልጅ ጠይቅ።

ቁጥር 13 ላይ የስልኩ ፍላሽ አንጸባርቆ ስሙን በልቶታል። የሚታየኝ የመጨረሻው ፊደል «ላ» ብቻ ነው። ዳርቻ ላይ ስለቆመና ቅርጹም ስለሚመስል «ፊላ» ብያለሁ። ሌላ ሊሆን ይችላል።

ከጨለለቃ ወደ ታች፣ ወደ ከርሰ ምድሩ ውሃ፣ አንድ ሰማያዊ መስመር አለ፤ ጫፍ ግን የለውም። ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ አልቆጠርኩትም። ወደ ታች የሚሰርግ ውሃ ይሁን ከታች የሚመነጭ አላወቅሁም፣ ሁለቱም ያስኬዳል። ሳትጠይቅ አቅጣጫ እንዳትሰጠው።

የወረቀቱ ታችኛው ቀኝ ጥግ ተጣጥፏል። ከእጥፋቱ ሥር ጽሑፍ ያለ ይመስላል። ጓደኛህ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ፍላሹን አጥፍቶ፣ ከፊት ለፊት ቆሞ አንድ ፎቶ ይጨምርልኝ። ማታ ሲደርሰኝ የጎደለውን ጽፌ እልክልሃለሁ።