የአቡሽ የባሕረ ሐሳብና የበዓላት ካርዶች (ለ2018)

አቡሽዬ እንደምን ነህ፣ ሰንበት ት/ቤት ለጥያቄና መልሱ ያልከኝ ካርድ ይኸው አለቀ። ማኒላውን ደሴ ፒያሳ ካሉት ጽሕፈት መሣሪያ ቤቶች ግዛና በእጅህ ገልብጠው፣ ፎቶ ኮፒ እንዳታስደርገው፣ ስትጽፈው ነው ግማሹ የሚገባህ። ፊት ያልኩትን በአንዱ በኩል ጀርባ ያልኩትን በሌላው በኩል። ቀኑ የማይንቀሳቀሰውን በሰማያዊ፣ የሚንቀሳቀሰውን በቀይ እስክሪብቶ ጻፍ። የቀዩን ቀን ለመሸምደድ አትልፋ፣ በየዓመቱ ይቀየራል፣ የቀዩ ላይ የምትይዘው ስሌቱን ነው። ነነዌን ካገኘህ ሌላው በመደመር ይመጣል።

ሰማያዊ

ፊት፦ መስከረም 1
ጀርባ፦ ርእሰ ዐውደ ዓመት፣ ቅዱስ ዮሐንስም ይባላል። እንቁጣጣሽ ብትልም አልተሳሳትክም ግን ጉባኤ ላይ የመጽሐፉን ስም አስቀድም።

ፊት፦ መስከረም 16 እና 17
ጀርባ፦ 16 ደመራ፣ 17 መስቀል።

ፊት፦ መስከረም 21
ጀርባ፦ ግሸን ደብረ ከርቤ፣ አምባሰል። ይቺን የደሴ ልጅ ከሳታት ጉድ ነው፣ በዛ ሰሞን ከተማው ሙሉ ተሳላሚ ሆኖ እያየህ። ግማደ መስቀሉ ያረፈበት ተብሎ የሚነገርለት፣ አምባው ራሱ የመስቀል ቅርጽ ያለው።

ፊት፦ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5
ጀርባ፦ ዘመነ ጽጌ፣ 40 ቀን። የእመቤታችንን ስደት የምናስብበት፣ ማኅሌተ ጽጌ የሚቆምበት። ጾሙ የፈቃድ ነው፣ ከሰባቱ አጽዋማት ውስጥ እንዳትቆጥረው፣ ጠያቂዎች በዚህ ነው የሚይዙህ። ኅዳር 6 ደግሞ ቁስቋም።

ፊት፦ ኅዳር 12፣ ኅዳር 21፣ ኅዳር 26
ጀርባ፦ ሚካኤል፣ ጽዮን፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ። ሦስተኛው የኛው ጎረቤት ነው፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እሳቸው ዘንድ ነው የተማሩት።

ፊት፦ ኅዳር 15
ጀርባ፦ ጾመ ነቢያት ይገባል፣ ልደት ድረስ።

ፊት፦ ከልደት በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች?
ጀርባ፦ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ። በቅደም ተከተል። ኖላዊ እረኛ ማለት ነው።

ፊት፦ ልደት መቼ ነው?
ጀርባ፦ ታኅሣሥ 29። ቆይ ግን ቸኩለህ አትመልስ፣ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ነው የሚከበረው ምክንያቱም ከሱ በፊት ያለው የሉቃስ ዓመት ጳጉሜን 6 ስለሚሆን ቀኑ በአንድ ይገፋል። 2016 እንደዛ ነበር። 2018 ማርቆስ ስለሆነ 29 ነው።

ፊት፦ ጥር 10፣ 11፣ 12፣ 21
ጀርባ፦ ከተራ (ገሃድም የሚጾመው ያኔ ነው)፣ ጥምቀት፣ ቃና ዘገሊላ፣ አስተርእዮ ማርያም።

ፊት፦ የካቲት 16
ጀርባ፦ ኪዳነ ምሕረት።

ፊት፦ መጋቢት 5፣ 27፣ 29
ጀርባ፦ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ (አቦ)፣ መድኃኔ ዓለም፣ ትስብእት። 27 ጥንተ ስቅለት ነው፣ ዓርብ ስቅለት ግን ከፋሲካ ጋር ስለሚዞር ሁለቱን አታምታታ። በ2018 ጭራሽ መጋቢት 27 ላይ ሆሣዕና ነው የሚውለው፣ ጥያቄ አውጪ ብሆን ይቺን ነበር የምጠይቅህ።

ፊት፦ ግንቦት 1
ጀርባ፦ ልደታ። ንፍሮው የሚቀቀልበት፣ አንተማ አትረሳትም።

ፊት፦ ሰኔ 12፣ ሰኔ 26፣ ሐምሌ 5
ጀርባ፦ ሚካኤል። ዘመነ ክረምት ይገባል (እስከ መስከረም 25)። ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ የሐዋርያት ጾም ፍቺ።

ፊት፦ ነሐሴ 1፣ 13፣ 16፣ ጳጉሜን 3
ጀርባ፦ ጾመ ፍልሰታ ይገባል፣ ደብረ ታቦር (ቡሄ)፣ ፍልሰታ፣ ሩፋኤል።

ፊት፦ ወርኃዊ በዓላት፦ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 12፣ 16፣ 19፣ 21፣ 23፣ 24፣ 27፣ 29
ጀርባ፦ ልደታ፣ በዓታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ መድኃኔ ዓለም፣ በዓለ ወልድ። ይሄን እማዬን ጠይቃት፣ ያለ ካርድ ነው የምትዘረግፈው።

ቀይ

ፊት፦ ባሕረ ሐሳብ
ጀርባ፦ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት የዘመን ቁጥር ትምህርት። የእስክንድርያው 12ኛ ፓትርያርክ ቅዱስ ድሜጥሮስ ነው የሚባልለት።

ፊት፦ ዓመተ ዓለም
ጀርባ፦ 5500 ሲደመር ዓመተ ምሕረት። ለ2018፦ 7518። ሁሉም ስሌት ከዚህ ነው የሚነሳው።

ፊት፦ ወንጌላዊው እንዴት ይገኛል?
ጀርባ፦ ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍል። ቀሪ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ካልተረፈ ዮሐንስ። 7518 ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፣ ስለዚህ ማርቆስ። 1879ን አትጣላት፣ መጠነ ራብዒት ትባላለች፣ ቀጥሎ ትፈለጋለች።

ፊት፦ መስከረም 1 ምን ቀን ይውላል?
ጀርባ፦ ዓመተ ዓለም + መጠነ ራብዒት፣ ለ7 አካፍል። 7518 + 1879 = 9397፣ ቀሪው 3። ቀሪ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያልክ ትቀጥላለህ፣ ካልተረፈ ሰኞ። 2018 ሐሙስ ገባ አይደል፣ እንዳየኸው።

ፊት፦ ወንበር
ጀርባ፦ ዓመተ ዓለሙን ለ19 አካፍለህ ከቀሪው 1 ቀንስ። 7518 ለ19 ቀሪው 13፣ አንድ ሲቀነስ 12።

ፊት፦ አበቅቴ እና መጥቅዕ
ጀርባ፦ አበቅቴ፦ ወንበር × 11፣ ለ30 አካፍለህ ቀሪው። መጥቅዕ፦ ወንበር × 19፣ ለ30 አካፍለህ ቀሪው። በ2018 አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18። ሁለቱን ደምራቸው፣ 30 ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስተሃል፣ ተመለስ። ይቺ ማረጋገጫ ካልኩሌተር ትበልጣለች።

ፊት፦ በዓለ መጥቅዕ በየትኛው ወር ይውላል?
ጀርባ፦ መጥቅዕ ከ14 በላይ ከሆነ መስከረም፣ ከ14 በታች ከሆነ ጥቅምት። በ2018 መስከረም 18፣ ዕለቱ እሑድ። ዕለቱን ካላወቅከው ቀጣዩ ካርድ አይሠራልህም።

ፊት፦ የዕለት ተውሳክ
ጀርባ፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። ከቅዳሜ ጀምሮ እንደ ደረጃ አንድ አንድ እያልክ ውረድ።

ፊት፦ መባጃ ሐመር
ጀርባ፦ መጥቅዕ + በዓለ መጥቅዕ የዋለበት ዕለት ተውሳክ። 18 + 7 = 25። ድምሩ ከ30 ካለፈ 30 ትቀንሳለህ።

ፊት፦ ጾመ ነነዌ
ጀርባ፦ ሦስት ቀን፣ ሁሌም ሰኞ ይገባል። መጥቅዕ መስከረም ከዋለ ነነዌ ጥር፣ ጥቅምት ከዋለ የካቲት። መጥቅዕ መስከረም ውሎ መባጃው ከ30 ካለፈም ወደ የካቲት ይሻገራል። በ2018 ጥር 25። ከጥር 17 አይወርድም፣ ከየካቲት 21 አይወጣም።

ፊት፦ የበዓላትና የአጽዋማት ተውሳክ
ጀርባ፦ ዓቢይ ጾም 14፣ ደብረ ዘይት 11፣ ሆሣዕና 2፣ ስቅለት 7፣ ትንሣኤ 9፣ ርክበ ካህናት 3፣ ዕርገት 18፣ ጰራቅሊጦስ 28፣ ጾመ ሐዋርያት 29፣ ጾመ ድኅነት 1። ሁሉንም መባጃ ሐመሩ ላይ ነው የምትደምረው። አብሽር፣ ብዙ ይመስላል እንጂ ዜማ ካበጀህለት በሁለት ማታ ይገባል። ይሄን ካርድ ከሁሉም ጎላ አድርገህ ጻፈው፣ እውነቱን ለመናገር ከቀዩ ክምር አንዱን ብቻ ያዝ ብትለኝ ይሄን ነው የምሰጥህ።

ፊት፦ የ2018 ውጤት
ጀርባ፦ ዓቢይ ጾም የካቲት 9፣ ደብረ ዘይት መጋቢት 6፣ ሆሣዕና መጋቢት 27፣ ስቅለት ሚያዝያ 2፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 4፣ ርክበ ካህናት ሚያዝያ 28፣ ዕርገት ግንቦት 13፣ ጰራቅሊጦስ ግንቦት 23፣ ጾመ ሐዋርያት ግንቦት 24፣ ጾመ ድኅነት ግንቦት 26። ረመዳንም ዓቢይ ጾም በሚገባበት ሳምንት ነው የሚገባው፣ ስለዚህ እነ ሐዋ ቤት ቀን ምሳ የለም እኛም ቤት የለም፣ ማታ ግን የነሱ ሾርባ አለ ብለህ እንዳትሄድ፣ ሥጋ አለው።

ፊት፦ የዓቢይ ጾም ስምንቱ እሑዶች
ጀርባ፦ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና። መጀመሪያ ፊደላቸውን ይዘህ «ዘቅምመ ደገኒሆ» በል፣ ትርጉም የለውም ግን አፍ ላይ ይጣበቃል። ዘወረደ ጾሙ ሰኞ ከመግባቱ በፊት ያለው እሑድ ነው። ደብረ ዘይት መሐሉ ስለሆነ እኩለ ጾም ይሉታል።

ፊት፦ ዓቢይ ጾም ስንት ቀን ነው?
ጀርባ፦ 55። 40 ያልክ እንደሆነ ጌታ የጾመውን ነው የተናገርከው። የመጀመሪያው ሳምንት ጾመ ሕርቃል፣ የመጨረሻው ሰሙነ ሕማማት ይባላል።

ፊት፦ በዓለ ሃምሳ
ጀርባ፦ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ። ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ርክበ ካህናት በዚህ መሐል ነው፣ ሁሌም ረቡዕ። ዕርገት ሁሌም ሐሙስ።

ፊት፦ ጾመ ሐዋርያት ለምን አንዳንዴ ይረዝማል አንዳንዴ ያጥራል?
ጀርባ፦ መግቢያው ይንቀሳቀሳል፣ መውጫው ግን ሐምሌ 5 ተተክሏል። ፋሲካ ቀድሞ ከመጣ ጾሙ ይረዝማል፣ ከዘገየ ያጥራል። በ2018 41 ቀን ነው፣ በ2019 21 ብቻ።

ፊት፦ ሰባቱ አጽዋማት
ጀርባ፦ ነነዌ፣ ዓቢይ ጾም፣ ሐዋርያት፣ ድኅነት (ረቡዕና ዓርብ)፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ገሃድ።

ፊት፦ የትንሣኤ ወሰን
ጀርባ፦ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30።

ፊት፦ የ2019 ትንሣኤ መቼ ነው? (ወረቀት ላይ ሥራው፣ ካርዱን ቀድመህ አትገልብጥ)
ጀርባ፦ ዓመተ ዓለም 7519። ለ4 ቀሪው 3፣ ሉቃስ፣ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። 7519 + 1879 = 9398፣ ለ7 ቀሪው 4፣ መስከረም 1 ዓርብ። ለ19 ቀሪው 14፣ ወንበር 13። አበቅቴ 23፣ መጥቅዕ 7፣ ድምር 30፣ ልክ ነው። መጥቅዕ ከ14 በታች ስለሆነ ጥቅምት 7፣ ዕለቱ ቅዳሜ፣ ተውሳኩ 8። መባጃ ሐመር 15። ነነዌ የካቲት 15። ዓቢይ ጾም 15 + 14 = 29፣ የካቲት 29። ትንሣኤ 15 + 9 = 24፣ ሚያዝያ 24።